የአቤት ቦታ

ስሙን አልጽፈውም። እናቱም ቢሆኑ ወደ ገደል ሲጣሩ ስሙን አያነሱትም ነበር። እኔም የእሳቸውን ልማድ ልያዝ፤ ሌላውን ነገራቸውን ሁሉ አበላሽቼዋለሁና።

ደባርቅ የገባሁት በደርግ ጊዜ፣ አስተማሪ ሆኜ ነው። በመጣሁ በወሩ የአውራጃው የኪነት ቡድን አኮርዲዮን አስታቀፉኝ። ከመምህራኑ መሐል ኖታ ማንበብ የሚችል እኔ ብቻ ነበርሁ። ያን ጊዜ ኖታ ያነበበ ሰው ዜማ ያወቀ ይመስለኝ ነበር። አይ ሞኝነት! ዳባት ተወልጄ፣ በየሠርጉ ማሲንቆ እየሰማሁ አድጌ፣ ማሠልጠኛ ገብቼ ኖታ ስማር ያንን ሁሉ እንደ ጉድፍ ጠርጌ ጥዬው ነው የመጣሁት።

ቤት የተከራየሁት ከከተማዋ ዳር፣ መሬቱ ተቆርጦ ወደ ቆላው ከሚወርድበት አፋፍ ላይ ነው። የግቢው ባለቤት ባላቸው የሞቱባቸው እናት ነበሩ። እኔ እማማ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው አንዳንዴ መምህር፣ አንዳንዴ ልጄ ይሉኛል። አንድ ልጅ ነበራቸው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በኪነት ቡድኑ ውስጥ ከበሮ ይመታል፣ ግጥምም ይጽፋል። ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ እስከ ጾመ ድጓ ከዘለቀ በኋላ ነው ወደ አስኳላ የመጣው። እኔን ጋሼ ይለኛል እንጂ በዕድሜ ብዙም አንራራቅም። ማታ ማታ አብረን እራት እንበላለን። ወንድም አልነበረኝም፤ ደባርቅ ላይ አገኘሁ።

ከአፋፉ በታች፣ መንገዱ ዙሪያ ጥምጥም ሆኖ ወርደው ሲመለሱ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ፣ ድምፅ ግን በቀጥታ የሚደርስበት ቦታ ላይ፣ የአባቱ የገብስ ማሳ አለች። ትምህርት በማይኖርበት ቀን እዚያ ይውላል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እማማ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው አፋፉ ላይ ይቆሙና ይጣራሉ። በስሙ አይደለም። ስም ወደ ገደል አይጣልም፤ ማን እንደሚቀልበው አይታወቅም ይላሉ። «ልጄ ሆይ!» ነው የሚሉት። ከዚያ ዝም ብለው ይቆማሉ። መጀመሪያ የገደል ማሚቶው የራሳቸውን ድምፅ ይመልስላቸዋል። እሱ ካለፈ በኋላ ነው ከታች፣ ከሩቅ፣ «አቤት!» የሚለው የልጁ ድምፅ የሚመጣው። እሳቸውም «እሰይ» ይሉና ወደ ቤት ይገባሉ። እሱ ማሳው ላይ በዋለ ቁጥር ነው ይኼ። እኔ ደብተር እያረምሁ እሰማዋለሁ፤ እንደ ነፋስ ነበር የምቆጥረው።

አንድ ቀን ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱት ወጣቶች ሲሸኙ የሚዘፈን መዝሙር አዘጋጁ ተባልን። ዜማው በካሴት ከላይ መጥቷል፤ ሰልፍ የሚያስረግጥ፣ ጥሩንባ የበዛበት። ግጥሙ ግን የአካባቢው ልጅ የጻፈው ይሁን ተባለ። እሱ ጻፈው። መነሻዋ «ልጄ ሆይ!» የምትል ጥሪ ነበረች፤ ከዚያ እንዲህ ይላል፦

ስጠራህ አቤት በል፣ ወንዙን ተሻግረህ ና፣
እናት ሀገር ጠርታህ፣ ደጅ ቆማለችና።

ስድስት፣ ስድስት። ቀለሙ ልክ ነው፣ ቤቱ ይመታል። ጓድ ሊቀመንበሩ «እናት ሀገር» የምትለዋን አይቶ ወደዳት። የኔ ሥራ ግጥሙን ከካሴቱ ዜማ ላይ መግጠም ነው። በአንድ ከሰዓት ጨረስሁት። የቁጥር ነገር መሰለኝ፦ ዐሥራ ሁለት ቀለም፣ ዐሥራ ሁለት ድምፅ፤ አንዱን ባንዱ ላይ መጫን።

አዳራሹ ውስጥ የቡድኑ ስድስት ሴት ልጆች ሲዘፍኑት አፋቸው ተጣመመ። ደግመው ሞከሩት፤ ይባስ ብሎ ሣቃቸው መጣ። እኔ ተቆጣሁ። «ቁም ነገር ነው የያዝነው!» አልሁ። ከበሮው ዝም አለ። ቀና ስል ልጁ እጁን ከቆዳው ላይ አንሥቶ ያየኛል።

«ጋሼ፣ እንዲህ ተብሎ ይወራል እንዴ?»

«መዝሙር እኮ ነው፤ ወሬ አይደለም» አልሁት።

«ቢሆንስ? በል እስኪ አኮርዲዮንህን አስቀምጠውና ተናገረው። እንደ ሰው።»

ተናገርሁት፤ «ስጠራህ፣ አቤት በል።»

«አየህ፣ ‹ስጠራህ› ብለህ አረፍህ። ካሴቱ ግን ሁለት ሁለት እየቆረጠ ነው የሚረግጠው። ‹ስጠ› ይልና ይቆርጣል፤ የቀረችውን ‹ራህ› ወስዶ ‹አቤት› ከሚለው ‹አ› ጋር ያጣብቃታል። ሁለት ቃል አርዶ አንድ ሬሳ አወጣ። ደግሞ ረጅሙን ድምፅ የት ነው ያስቀመጥኸው? ‹ስ› ላይ! ‹ስ› ሳድስ ናት፤ ሳድስ ይጎተታል ወይ? ብትጎትታት ትንፋሽ እንጂ ቃል አይወጣም። ‹ቆማለችና› ላይ ያለችው ‹ለ› ደግሞ ጠብቃ የምትነገር ናት፤ ሰው ሲናገር እዚያች ላይ ረገጥ ያደርጋል። አንተ በላይዋ በርረህ አለፍህ።»

ሴቶቹ ሣቃቸውን አቆሙ። እኔ ፊቴ ጋለ። ከጾመ ድጓ የወጣ ልጅ ባለ ዲፕሎማውን ሲያርመው! ግን እውነቱን ነበር። አማርኛ እንደ ወታደር ጫማ እኩል እኩል አይረግጥም። ጠበቅ ያለው ላይ ይደገፋል፣ ሳድሱን ቶሎ ብሎ ያልፈዋል፣ «ራ» እና «ቤ» ላይ ሲደርስ ይለቀቃል፤ የቃሉ መጨረሻ ላይ ነው ትንፋሽ የሚወስደው። ይኼንን ከጡት ጋር የጠባሁትን ነገር ነው ከሱ የተማርሁት።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ይዘን አፋፉ ላይ ተቀመጥን። ጓደኛው ነበር ያን ቀን ለእርሻው የወረደለት፤ ልጁ እማማን «ዛሬ እኔ እዚህ ነኝ፣ እሱን ጥሪልኝ» አላቸው። «ምን ሆናችሁ እናንተ፣ ሥራ ፈታችሁ?» አሉና ሣቁ፤ ግን ጠሩ። እኔ በመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። «ል» የለችም ማለት ይቻላል፤ ምላሳቸው ነካ አድርጎ ያልፋታል። «ጄ» ላይ ድምፃቸው ይወጣል፣ ይወጣል፣ እላይ ይቆማል። «ሆይ» ላይ ደግሞ ቀስ ብሎ ይወርዳል። አኮርዲዮኑን ከፍቼ ልከተላቸው ሞከርሁ። ከአንዱ ቁልፍ ወደ ሌላው ስዘል እሳቸው በመሐሉ በኩል አልፈው ወርደዋል። ዘጋሁት።

እሱ በቀይ ቀለም ከፊደሎቹ በላይ ምልክት አደረገ፤ ከድጓ መጽሐፍ እንደለመደው። «ጄ» ላይ ድምፅ የምታነሣዋን ቅናት፣ «ሆይ» ላይ የምታወርደዋን ድፋት። ከ«ሆይ» በኋላ ባዶ ቦታ ተወ፤ አውራ ጣት የሚያህል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልሁት።

«የአቤት ቦታ ነው።»

«ዕረፍት ነው በለኛ። ስንት ምት?»

«በምት አይደለም። አንድ ትንፋሽ ታስገባለህ፣ አንድ ትንፋሽ ታስወጣለህ። ማሚቶው መልሶ እስኪያልፍ። ከዚያ ነው የቡድናችን ወንዶች ‹አቤት› የሚሉት። ባዶ እንዳይመስልህ ጋሼ፤ የመላሹ ነው።»

የቀረውን ስንኝ ከዚያች ጥሪ ላይ ተነሥተን ሠራነው። እያንዳንዱን ቃል እንናገረዋለን፣ ድምፃችን የት እንደወጣና የት እንደወረደ እንይዛለን፣ ከዚያ ነው ዜማ የምናደርገው። ጥሪዋ ላይ አኮርዲዮኑ ዝም እንዲል ተስማማን። ሴቶቹ ሲዘፍኑት አንድም አልሣቀ። መሪዋ ልጅ ጨርሳ ዕንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ «ይቺ ዜማማ አማርኛ ተምራ የመጣች ናት፣ ማን አስተማራት?» አለች። ያን ሳምንት የነበረኝን ደስታ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም፤ እውነቴን ነው።

የዘማቾቹ ዝርዝር የተለጠፈው ከዚያ በኋላ ነው። ስሙ አለበት።

እማማ ቀበሌ ተመላለሱ። «አንድ ለናቱ ነው፣ አባት የለውም» አሉ። ዛሬ ነገ አሏቸው። በስተመጨረሻ ጸሐፊው ቀና ሳይል «ሁሉም የእናት ልጅ ነው፣ እናቴ» አላቸው። ቤት ገብተው ይኼንኑ ነገሩንና በርበሬ መልቀም ጀመሩ። እሱ ጎንበስ ብሎ አብሯቸው ይለቅማል።

በሚሄድበት ጠዋት ጋቢውን አጣጥፎ አልጋዬ ላይ አስቀመጠልኝ፤ «ብርድ አይችልህም» ብሎ። ከዚያ በሩን ዘጋ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። መዝሙሩን እንደፈለጉ ያድርጉት። ‹እናት ሀገር›ን መቶ ጊዜ ይጨምሩበት። ጥሪዋን ግን አታስነካብኝ። ቦታዋንም።»

«ማን ይነካታል?» አልሁት።

«ስማኝ። እኔ የት እንደምገባ አላውቅም። እሷ ግን አፋፉ ላይ መቆሟ አይቀርም፤ አውቃታለሁ። የሚመልስላት ባይኖር እንኳ መመለሻው ይኑራት። ማልልኝ።»

በማርያም ብዬ ማልሁለት። አፌን ሞልቼ ነው የማልሁት፤ ያን ጊዜ የሚከብድ ነገር አልመሰለኝም።

መኪኖቹ ገበያው ሜዳ ላይ ቆመዋል። ልጆቹ ተጭነዋል። ከዳባት፣ ከአምባ ጊዮርጊስ፣ ከታች ከቆላው ሳይቀር እናቶች መጥተዋል። ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ። ተራችን ደረሰ። ሴቶቹ ልጆቻችን «ልጄ ሆይ!» አሉ፤ ልክ እንደ እማማ፣ «ጄ» ላይ ወጥተው፣ «ሆይ» ላይ ወርደው። ከዚያ ቦታዋ መጣች። አንድ ትንፋሽ አስገባሁ። ሜዳው ሁሉ ጸጥ አለ። ትንፋሼን ሳላስወጣ ከሦስተኛው መኪና ላይ፣

«አቤት እማ!»

የሱ ድምፅ ነው። የኔ ዘፋኞች ሊሉት የነበረውን እሱ አለው። ከዚያ ከጎኑ ያለው «አቤት!» አለ። ከዚያ ሌላው መኪና። ከዚያ ሁሉም። ኧረ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! እናቶቹ ነጠላቸው ወደቀ፣ ወደ መኪኖቹ ሮጡ፤ የመኪናውን ጎን ይዘው የሚንጠለጠሉ አሉ። ከአንጀት ካለቀሱ ዕንባ አይገድም ይባል የለ? ጥበቃዎቹ እየገፉ መለሷቸው። እማማ ብቻ አልሮጡም። ከቆሙበት ሆነው «እሰይ» አሉ፤ እንደ ማታ ማታው። መኪናው ሄደ።

ጓድ ሊቀመንበሩ አዳራሽ ጠርቶ «ሽኝት ነው ያልናችሁ ወይስ ተዝካር?» አለን። በዚያው አለፈ፤ ዜማዋንም አልከለከለም፤ ሰው ወዷት ነበርና።

ከዚያ ወዲያ ልምምድ ባለን ቀን እማማ ከአዳራሹ ውጭ፣ ከተሰበረው መስኮት ሥር ይቆማሉ። መጀመሪያ ለምን እንደሚመጡ አላወቅሁም። አንድ ቀን በመስኮቱ በኩል አየኋቸው። ሴቶቹ «ልጄ ሆይ!» ሲሉ እማማ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። ማሚቶ መልሶ እስኪያልፍ ያህል ይጠብቃሉ። ከዚያ ወንዶቹ ከመድረሳቸው በፊት፣ ቀስ ብለው፣ «አቤት» ይላሉ። በሱ ፈንታ ነው የሚመልሱት። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይሄዳሉ። ማንም አልነገራቸው፤ ቦታዋን ራሳቸው አገኟት።

እዚህ ላይ ባቆመው ደስ ባለኝ። ግን ልናገረው።

በዓመቱ ጎንደር ላይ የኪነት ቡድኖች ውድድር እንደሚኖር ተነገረን። አስቀድሞ አንድ ሰው ከላይ መጥቶ አየን። ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ፣ ጨዋ፣ ፈገግተኛ ሰው ነው። መዝሙራችንን ሰምቶ አጨበጨበና ለብቻዬ ጠራኝ።

«ግሩም ነው። ግን ያቺ ዝም የምትሉባት ቦታ ትቀዘቅዛለች። ተመልካቹ ግጥሙ የጠፋባችሁ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ የተላከውን ዜማ ለምን ተዋችሁት? ደግሞ ይኼ ሐዘን ሐዘን የሚለው የማን ሐሳብ ነው?»

የአኮርዲዮኑን ማንገቻ ማስተካከል ጀመርሁ።

«ለማንኛውም፣» አለ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «የክፍለ ሀገሩ ቡድን አኮርዲዮን የሚጫወት ሰው ይፈልጋል። ጎንደር ብትዛወር ጥሩ ነው። አንተ የደባርቅ ሰው አይደለህም።»

ለብዙ ዓመት ፈርቼ ነው ስል ኖሬአለሁ። ለሚስቴም እንደዚያ ነው የነገርኋት። ውሸቴን ነው። መፍራቱንስ ፈርቻለሁ፤ ከፍርሃቴ የሚበልጠው ግን ጎንደር መግባት መፈለጌ ነበር። ብርዱ ሰልችቶኛል፣ ገብሱ ሰልችቶኛል። ሰው ለሆዱ ሲል ፈርቼ ነው ይላል፤ ፍርሃት ያስታዝናላ።

በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረስሁት፤ እንደ መጀመሪያው። «ሆይ»ን ሰረዝኋት፤ ድምፁ ሲወርድ ጊዜ ይፈጃል። «ልጄ»ን ባንድ ምት ውስጥ አጨቅኋት፤ «ጄ» መውጫ አጣች። ስንኙን ሁለት ሁለት እየቆረጥሁ ሰልፉ ላይ ጫንሁት። የአቤትን ቦታ በአኮርዲዮንና በከበሮ ደፈንሁት፤ «አቤት» የነበረበት ላይ «ወደፊት!» አስገባሁ። መሪዋ ልጅ ሁለት ጊዜ ሞከረችውና ቆመች።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ መተንፈሻ የለውም።»

«ቀድመሽ ተንፍሰሽ ግቢ!» አልኋት።

አላየችኝም። ተንፍሳ ገባች።

ውድድሩን አሸነፍን። መዝሙሩ በካሴት ተቀድቶ መጣና ቀበሌው ድምፅ ማጉያ ላይ ጫነው፤ ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ። ሰው አፉ ላይ ገባ። ሴቱ ጤፍ ሲያበጥር ይለዋል፣ ተማሪው ሲሰለፍ ይለዋል። የኔ ዝውውር ግን ዛሬ ነገ ሲባል ቀረ።

አንድ ማለዳ እማማ ደጃፌ መጡ። በእጃቸው የተቆላ ገብስ በሰፌድ ይዘዋል። ድምፅ ማጉያው መዝሙሩን ገና መጨረሱ ነው።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አትሣቅብኝ።»

«ምን በወጣኝ፣ እማማ?»

«ያቺ ዜማ… ቀድሞ እኔ የምገባባት ነበራት። አሁን ልግባ ስል ይቀድሙኛል። ልጄን ሲሉ እሰማለሁ፤ ልመልስለት አፌን ስከፍት አልፈዋል። እኔ አርጅቼ ነው ወይስ እናንተ ፈጠናችሁ?»

እንግዲህ ይኼ ነው። እዚያች ላይ እውነቱን ብናገር ኖሮ፣ ቆርጬዋለሁ፣ ደፍኜዋለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ ብል ኖሮ፣ ቢያለቅሱም ይቅር ይሉኝ ነበር፤ እንደዚያ ያሉ ሴት ነበሩ። እኔ ግን ሰፌዱን ከእጃቸው ተቀበልሁና፣

«ዕድሜ ነው፣ እማማ» አልኋቸው።

«እህ» አሉ። «ጠርጥሬያለሁ። ጆሮዬም ከብዷል።»

የዚያን ዕለት ወደ ማታ ደብተር ሳርም ከአፋፉ በኩል ድምፃቸውን ሰማሁ። እንደ ድሮው እየጠሩ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ይለማመዳሉ። «ልጄ-አቤት፣ ልጄ-አቤት፣ ልጄ-አቤት» ይላሉ፤ እየተቻኮሉ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው። እንዳይቀደሙ ነው። ከዚያም ቀጥለው ብዙ ቀን ተለማመዱ። አንድም ቀን ወጥቼ ይተዉት አላልሁም። እርሳሴን ይዤ ቁጭ።

መርዶው የመጣው በገብሱ አጨዳ ሰሞን ነው። ሽማግሌዎቹ ጎሕ ሲቀድ መጡ፤ የግቢው በር ሲንኳኳ እኔ አስቀድሜ ዐወቅሁት። እማማ በራቸውን ከፍተው ገና ሲያዩአቸው «አትንገሩኝ» አሉ። ነገሯቸው። የት እንደወደቀ አልታወቀም፤ ሰሜን ግንባር ብቻ ነው የተባለው።

አስከሬን ስለሌለ ከበሮውን ከአዳራሹ አምጥተን ጓሮ፣ ሕዝቡ መሐል አስቀመጥነው። ለእኔ የሰጠኝን ጋቢ እኔው አለበስሁት። ከተማው ሁሉ መጣ። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ፤ አልቃሽ ገጥማ አስለቀሰች። እማማ እስከዚያ ቃል አልወጣቸውም ነበር። ቀትር ላይ ተነሡ። ከበሮውን በመዳፋቸው ነኩትና ቀና ብለው፣

«ልጄ ሆይ!»

የጥንቷ ጥሪ ናት። «ጄ» እላይ ወጥታ ቆመች፣ «ሆይ» ቀስ ብላ ወረደች። የደፈንሁት ሁሉ እሳቸው ዘንድ እንዳለ ነበር። ግን ገና «ሆይ» ሳትጨርስ ሴቶቹ ሁሉ ባንድ ላይ ገቡ፤ «ስጠ-ራህአ-ቤትበል!» በካሴቱ፣ በሰልፉ፣ ደረታቸውን ሁለት ሁለት እየመቱ። ክፋት አይደለም። ሊያግዟቸው ነው። ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ የሰሙት እሱን ነው፤ አፋቸው ያወቀውን አመጣ። አንዳንዷም «ወደፊት» ብላ ደነገጠችና አፏን ያዘች።

እማማ እንደገና ጠሩ። እንደገና ገቡባቸው።

ሦስተኛ ላይ እጃቸውን አነሡ። «ተዉ! ኧረ አፈር ስሆን ተዉ! ይመልስ እስኪ!»

ሴቶቹ እጃቸውን ከደረታቸው አወረዱ። እማማ በሕዝቡ መሐል ዐይናቸውን ሲያንከራትቱ ቆዩና እኔ ላይ ጣሉት።

«አንተ ልጅ፣ አብራችሁ ሠርታችኋታል፣ ታውቃለህ። ስንት ነበር የምንጠብቀው?»

መዋሸት አልቻልሁም፤ ጋቢው እያየኝ ነው።

«አንድ ትንፋሽ ማስገባት፣ አንድ ትንፋሽ ማስወጣት» አልሁ። «ቆርጬው ነው፣ እማማ። እኔ ነኝ የቆረጥሁት።»

አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ምንኛ ደግ ነበር።

«ዕድሜ አይደለም ለካ» አሉ።

ከዚያ ሕዝቡን ሰንጥቀው ወደ አፋፉ ሄዱ። ተከተልናቸው። ከታች የሱ የገብስ ማሳ ግማሹ ታጭዶ ግማሹ ቆሟል። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፉና ጠሩ። ገደሉ ድምፃቸውን መለሰላቸው። ማሚቶው አለፈ። ያ ሁሉ ሰው አፋፉ ላይ ቆሞ አንድ ትንፋሽ አስገባ፣ አንድ ትንፋሽ አስወጣ። ሕፃን እንኳ አላለቀሰም። ቦታዋ ሙሉዋን መጥታ ሙሉዋን አለፈች።

እማማ ፊታቸውን ወደ ገደሉ እንዳደረጉ ተናገሩ፤ ለኔ መሆኑን ዐውቄአለሁ።

«አየህ ልጄ፣ ቦታዋ ብትኖር ዓመቱን ሙሉ እኔ እመልስለት ነበር።»